የአባት ብድርና የልጆች ብድር፦ ሠርግን ሳይበደሩ ስለ መደገስ



«ልጄ፣ እኔ እኮ የሰው በልቻለሁ። ብድሬን መመለስ አለብኝ።»

ይህን ያሉት እዚሁ አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሊድሩ የተዘጋጁ አባት ናቸው። ልጅቱ ከእጮኛዋ ጋር ተስማምታ፣ «ያለ ብድር እንጋባለን» ብለው ወስነው፣ የጻፉትን ወረቀት ይዛ ፊታቸው ተቀምጣለች። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን የጋብቻ ምክር ከሚሰጡት አንዱ በመሆኔ አብሬያት ሄጄ ነበር። አባትየው ይህን ሲሉ ልጅቱ ዝም አለች። እኔም ዝም አልሁ።

ቆይቼ ሳስበው፣ ሁለቱም «ብድር» የሚለውን አንድ ቃል ነበር የያዙት። ልጅቱ ብድር ስትል ከሰው ወይም ከመሥሪያ ቤት ተወስዶ ከሠርግ በኋላ ከደመወዝ የሚቆረጠውን ገንዘብ ማለቷ ነው። አባትየው ብድር ሲሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰው ሠርግ ተጠርተው የበሉትን እንጀራ ማለታቸው ነው። ሁለቱም ዕዳ አለብን ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ ሳይበደሩ ለመጋባት ወስነው ሳይሆንላቸው የቀሩ ብዙ ጥንዶች የወደቁት በሒሳቡ አይደለም። የወደቁት ለወላጆቻቸው ብድር በገንዘብ ቁጥር መልስ ስለ ሰጡ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ሒሳቡን፣ ቀጥሎ ለአባትየው የተሰጠውን መልስ፣ በእነዚሁ ጥንዶች ታሪክ ላሳያችሁ።

በእጅ ያለውን መለየት

ጌታ በሉቃስ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ሲናገር፣ ሰውዬው መጀመሪያ ተቀምጦ ወጪውን ይቆጥራል ይላል። የሚቆጥረው መሠረቱን ከጣለ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው። በሠርግ ላይ መሠረት የሚጣለው ቀን ሲቆረጥ ነው። ቀን ከተቆረጠና ለአዳራሽ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ የሚሠራ በጀት፣ በጀት መሆኑ ቀርቶ የወጪ መዝገብ ይሆናል። እነዚህ ልጆች ቀን ሳይቆርጡ ነበር የመጡት።

እርሱ 260 ሺህ ብር፣ እርሷ 130 ሺህ ብር አለን አሉ። «ከየት የመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የእርሷ ከደመወዝ የተቆጠበ ነው። ከእርሱ ውስጥ ግን 100 ሺሁ የእቁብ ነበር። እቁቡ ሃያ አባላት አሉት፤ በወር 5 ሺህ ይጣላል፤ ለእርሱ የደረሰው በስድስተኛው ወር ነው። እንግዲህ እርሱ የጣለው 30 ሺህ ብቻ ነው። ቀሪው 70 ሺህ ገና በአሥራ አራት ወር የሚከፍለው የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ነው። እቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ተበዳሪ ነው፤ ወለድ ስለሌለውና በዕጣ ስለመጣ ግን ማንም ብድር ብሎ አይጠራውም።

ልጁ ትንሽ ተከራከረኝ፤ በኋላ ግን ተቀበለ። 70 ሺሁ ለቀሪዎቹ ዙሮች መክፈያ ባንክ ተቀመጠና የእርሱ 190 ሺህ ሆነ። በአንድ ላይ 320 ሺህ።

ስሙ ብድር የማይባል ብድር ይህ ብቻ አይደለም። ከመሥሪያ ቤት የሚወሰድ የደመወዝ ቅድሚያ አለ። «ከሠርጉ በኋላ ትከፍሉኛላችሁ» የሚል የዲኮር ወይም የድንኳን ባለቤት አለ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ገና ያልመጣ ስጦታ ነው። «ሰው በፖስታ የሚሰጠው ይሸፍነዋል» የሚለው አነጋገር፣ ከተጋባዦቻችን ሳናስፈቅዳቸው መበደር ነው። የሙሽሪት ወንድም ከውጭ አገር ገንዘብ እልካለሁ ብሎ ነበር። እርሱንም አልቆጠርነውም። ከመጣ ለቤት ዕቃ እንዲውል፣ ካልመጣ ማንም እንዳያዝንበት ተስማማን።

ከድግሱ በፊት ጎጆው

ከ320 ሺሁ ላይ መጀመሪያ የወጣው የድግስ ገንዘብ አይደለም። የሁለት ወር የቤት ኪራይ፣ አልጋ፣ ምድጃና ጥቂት የማእድ ቤት ዕቃ 80 ሺህ ተያዘለት። ከዚያ 30 ሺህ ለማይታወቅ ወጪ ተለየ። ይህ መጠባበቂያ በሌላ ሰው፣ በሙሽሪት አክስት እጅ ተቀመጠ፤ በሙሽሮቹ እጅ ቢሆን ኖሮ በመጨረሻው ሳምንት ለአበባ ይውል ነበር።

210 ሺህ ቀረ። ቀለበት፣ ቬሎ ኪራይ፣ ሱፍ፣ ፎቶና ቪዲዮ፣ ዲኮር፣ መኪና እንዲሁም ለትልልቅ ሰዎች ብቻ የሚታተም የጥሪ ካርድ ተጠይቆ በጠቅላላ 90 ሺህ ወጣ። የሌላው ሰው ጥሪ በቴሌግራም ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እነዚህ ወጪዎች ተጋባዡ አንድ መቶም ሆነ አንድ ሺህ ብዙም አይለወጡም። ጥንዶች ብዙ ጊዜ የሚጨቃጨቁት በእነዚህ ላይ ነው። በዲኮር ላይ ሦስት ቀን ተከራክረው 5 ሺህ ብር ያተርፋሉ፤ በአንድ ምሽት ደግሞ አርባ ሰው ይጨምራሉ።

የቀረው 120 ሺህ የምግብ ነው። ሠርግን ውድ የሚያደርገው የአፍ ብዛት ነው። አክስቶችና የሰፈር እናቶች ተባብረው ቢሠሩት እንኳ፣ ምግብ፣ መጠጥ፣ የወንበርና የሳህን ኪራይ ተደምሮ ለአንድ ሰው 600 ብር ይፈልግ ነበር። ዋጋው በየከተማውና በየወሩ ይለያያል፤ እናንተ የራሳችሁን ጠይቁ። አካፍሉ እንጂ አትገምቱ።

ልጆቹ ያደረጉት ይህን ነው። ለቃል ኪዳኑ ሥነ ሥርዓት ማንም ሳይቀር ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድፎ ዳቦና ለስላሳ ይቀርባል። ለ400 ሰው በ75 ብር ሒሳብ 30 ሺህ ወጣ። የቀረው 90 ሺህ በ600 ሲካፈል 150 ሰው ይሆናል። ለምሳ የሚቀመጠው 150 ሰው ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር የተገኘው ከምኞት ሳይሆን ከማካፈል ነው፤ ኋላ የጠቀማቸውም ይህ ነው።

150ው እንዲህ ተከፈለ፦ ለሙሽሪት ቤተሰብ 55፣ ለሙሽራው ቤተሰብ 55፣ ለጓደኞችና ለአገልግሎት ባልንጀሮች 30፣ ሳይጠሩ ለሚመጡ 10። በእኛ አገር ድግስ በር ላይ ሰው አይመለስም። ስለዚህ ሳይጠራ የሚመጣውን እንግዳ ቀድሞ መቁጠር ይሻላል።

«የሰው በልቻለሁ»

ወደ አባትየው ልመለስ። የእርሳቸው ዝርዝር 310 ሰው ነበር። የደረሳቸው 55 ነው።

ልጅቱ «አባዬ፣ ገንዘብ የለንም» ብላ ብትጀምር ኖሮ መልሱ የታወቀ ነበር፤ «እኔ እፈልጋለሁ» ይሉ ነበር። ማለትም ይበደሩ ነበር። ልጆች ሳይበደሩ አባት ከተበደረ፣ ብድሩ ቤት ቀየረ እንጂ አልቀረም። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አባት የልጃቸውን ሠርግ ሁለት ዓመት ሲከፍሉ አይቻለሁ። ምሳሌ 22 ላይ ተበዳሪ የአበዳሪ ባሪያ ይሆናል የሚለው አሳብ ለሙሽሮች ብቻ የተነገረ አይደለም።

ስለዚህ ከገንዘቡ አልጀመርንም። «ጋሼ፣ ይህን ብድር ለማን ለማን ነው የሚመልሱት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝርዝሩን አብረን ተመለከትነው። የእርሳቸውን ቤት የሚጠይቁ፣ በሐዘንና በደስታ የማይለዩ ቅርብ ዘመዶችና ጎረቤቶች ሃያ ስድስት ቤት ሆኑ። ከዚያ የእድር አባላት አሉ። ከዚያ የድሮ የሥራ ባልደረቦችና «ከጠራሁ አይቀር» ተብለው የገቡ አሉ። 310 የሆነው ከየቤቱ ልጆቹም ሁሉ ተቆጥረው ነበር።

ከሃያ ስድስቱ ቤት ባልና ሚስት ብቻ ሲጠሩ 52 ሰው ይሆናል። እድሩን ወክለው ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ምሳ ይቀመጣሉ፤ 55 ሞላ። የቀሩት የእድር አባላት በቃል ኪዳኑ ላይ ይገኛሉ፤ ግቢ ውስጥ ዳቦው ሲቆረስ አባትየው ራሳቸው ያስተናግዷቸዋል።

በዚህ ጊዜ አባትየው አንድ ነገር አሉ፤ «ካርድ በልጅ እጅ ልኬ ምሳ የለም ብል ይቀየሙኛል። እኔ ራሴ ሄጄ ብነግራቸው ግን ይገባቸዋል።» እንዳሉትም ለሦስት ሳምንት ከሥራ ሲወጡ በየቤቱ እየዞሩ በአካል ተናገሩ። የሚሉት አጭር ነበር፤ «ልጆቹ በእጃቸው ባለው ነው የሚደግሱት፤ ለምርቃቱ ግን እናንተ እንዳትቀሩብኝ።» አንድ ጎረቤት ቅር እንዳለው ሰምተናል። ሌሎቹ መጡ፤ መረቁም።

አያችሁ፣ አባትየው የፈለጉት 310 ሳህን አልነበረም። የፈለጉት በሰፈራቸው በልቶ ጠፋ እንዳይባሉ ነው። ይህ የአክብሮት ዕዳ ነው። የአክብሮት ዕዳ ደግሞ በእግር ሄዶ በመንገርም ይከፈላል። ልጆቹም ከሠርጉ በኋላ በበዓላት ዳቦ ይዘው ምሳ ያልተቀመጡትን ትልልቅ ሰዎች በየቤታቸው ሊጠይቁ ቃል ገቡ። እስካሁን አምስት ቤት ደርሰዋል።

ቤተሰብ የሚቀበለው ወሰን ምን ይመስላል?

ከዚህና ከሌሎች ጥንዶች የተማርሁትን ልጻፍላችሁ።

ወሰኑን በብር ሳይሆን በሰው ንገሩ። ብር ከተናገራችሁ ብር የሚጨምር ዘመድ አይጠፋም። «55 ሰው የእናንተ ነው፤ ማን እንደሚሆን እናንተ ምረጡ» ስትሉ ግን ቁጥሩ የእናንተ፣ ምርጫው የወላጆች ይሆናል። ምርጫው ላይ የታከተ እናት ቁጥሩን ለመጨመር ጉልበት አይኖራትም። ደግሞ ለሁለቱም ወገን እኩል ይሁን። አንደኛው 55፣ ሌላው 60 ከሆነ፣ ያቺ አምስት ከብዙ ሺህ ብር የበለጠ ጠብ ታመጣለች።

እያንዳንዱ ለገዛ ወላጆቹ ይናገር። እጮኛ ለአማቶቹ ወሰን ሲናገር «ገና ሳይገባ አዘዘን» ይባላል። ሁለቱ ግን አንድ ቁጥር፣ አንድ ቃል ይያዙ። ልጁ ለእናቱ «እኔስ ደስ ይለኝ ነበር፤ እርሷ ናት» ካለ፣ ሙሽሪት በማማቷ ዓይን ቢያንስ አሥር ዓመት አትነሣም። «ወስነናል» እንጂ «አለች» አይባልም።

ከሽምግልናው በፊት ንገሩ። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ቀን በሁለት ቤተሰብ ፊት ቁጥር ማውጣት ወላጆችን ማሳፈር ነው። ቤት ውስጥ ያለቀ ነገር ነው ወደ ሽማግሌ የሚቀርበው። ወላጆች የሚያፍሯቸው ወይም የሚያከብሯቸው አጎት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አስቀድመው ቢያውቁት ደግሞ መልካም ነው።

መልስና ቅልቅልን አትርሱ። መልስ የሙሽሪት ቤት፣ ቅልቅል የሙሽራው ቤት ድግስ ነው ተብሎ ከበጀቱ ይወጣል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ልጆቹ እጅ ላይ ይወድቃል። እነዚህ ጥንዶች ሁለቱን ቤተሰብ አስማምተው መልሱና ቅልቅሉ በአንድ ቀን፣ በሙሽሪት ወላጆች ቤት፣ ለአርባ ሰው ሆነ። ወጪውን ሁለቱ ቤተሰቦች ተካፈሉት፤ ማንም አልተበደረም። ይህን በቃል ብቻ አትተዉት፤ ማን ምን እንደሚያመጣ በዝርዝር ይጻፍ።

ለመጨመር የሚፈልግም በር ይኑረው፤ ጠባብ በር። የሙሽራው አጎት አሥር የሥራ ባልደረቦቹን ልጥራ አለ። ልጁም፣ «ጋሼ፣ አዳራሹ 160 ወንበር ነው የሚይዘው፤ እስከዚያ ይቻላል። የአሥሩ 6 ሺህ ብር ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት እጃችን ይግባ» አለው። አጎትየው አሰቡና ሦስት ሰው ጠሩ፤ 1,800 ብሩንም በዚያው ቀን ሰጡ። የወንበር ወሰን ከገንዘብ ወሰን ይልቅ ያሳምናል፤ ወንበር ጨክኗል ብሎ የሚቀየም የለምና።

የሚፈርስበት ቦታ

በጀቱ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ምልክቱም «ለአንዴ ነው» የሚለው ቃል ነው። ያ ቃል በሳምንት ሦስት ጊዜ ከተሰማ ወረቀቱን አውጡ። ለእነዚህ ልጆችም የሚዜዎች ልብስ፣ የፀጉርና የሜካፕ ክፍያ፣ የነዳጅ ወጪ በዝርዝሩ ላይ አልነበረም። 17 ሺህ ፈጀ። መጠባበቂያው በአክስቷ እጅ ስለ ነበረ አልተበደሩም፤ ግን ከ30 ሺሁ 13 ሺህ ብቻ ቀረ። ሙሽሪት ሁለተኛ ቀሚስ ለመከራየት ፈልጋ አክስቷ እምቢ አሏት። በዕለቱ አለቀሰች። ይህንን ሳልደብቅ የምነግራችሁ ወሰን መጠበቅ የሚያምበት ጊዜ ስላለ ነው።

ለእኛም ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንድ ቃል አለኝ። ቤተሰብን ብቻ መውቀስ አይገባንም። የአገልጋይ ሠርግ ሲሆን ኳየሩ በሙሉ ምሳ ይቀመጣል ብለን የምንጠብቅ እኛ ነን። በትንሽ የተደገሰ ሠርግ ላይ ተገኝተን ስንወጣ «ምነው እንዲህ ቀዘቀዘ» የምንልም እኛው ነን። ልጆቹ የሚበደሩት ይህን አፍ ፈርተው ነው። ከመድረክ ስለ ዕዳ እያስተማርን በአዳራሽ በር ላይ በሳህን ብንመዝናቸው ትምህርታችን ከንቱ ነው።

«በእምነት ደግሱ፤ ጌታ ይሞላል» የሚሉ ወገኖችም አሉ፤ የቃናውን ሠርግም ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ በቃና ጌታ ጎዶሎውን ሞልቶ ባለሠርጎቹን ከኀፍረት አድኗል። ነገር ግን በዚያ ሠርግ ወይኑ የጎደለው ታስቦበት አልነበረም። ጉድለትን አቅዶ ጌታን መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። ወጪውን ተቀምጦ ስለሚቆጥር ሰው የተናገረውም ያው በቃና የነበረው ጌታ ነው።

እነዚህ ልጆች ከተጋቡ ስምንት ወር ሆናቸው። ሙሽራው እቁቡን በየወሩ ካስቀመጠው ላይ ይጥላል፤ ከደመወዛቸው የሚቆረጥ የሠርግ ዕዳ የለም። በቅርቡ አባትየውን በእሑድ አምልኮ መውጫ ላይ አገኘኋቸውና «ጋሼ፣ ብድሩስ?» አልኋቸው። ሳቁና እንዲህ አሉኝ፤ «የእኔ በምርቃት ተከፈለ። የእነርሱ ደግሞ ከመጀመሪያው አልነበረም።»

ለመጋባት የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ አካፍሉ። ቁጥራችሁን ካወቃችሁ በኋላ ወደ ወላጆቻችሁ ስትሄዱ፣ ስለ ገንዘባችሁ ከመናገራችሁ በፊት ስለ እነርሱ ብድር ጠይቋቸው።

ጌታ ጎጆአችሁን ይባርክ። ተባረኩ።